የልብ ኤሌክትሪክና የደም ጨዎች

የልብ ጡንቻ ከመኮማተሩ በፊት በእያንዳንዱ ሕዋሱ ላይ አጭር የኤሌክትሪክ ለውጥ ያልፋል። በሕክምናው ዓለም አክሽን ፖቴንሻል የሚባለው ይህ ለውጥ፣ ደምን ወደ ሳንባና ወደ መላው ሰውነት በሚገፉት በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች ውስጥ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ከ0.2 እስከ 0.3 ሰከንድ ይፈጃል። ጡንቻው የሚኮማተረው ይህን ለውጥ ተከትሎ ነው፤ ለውጡ ካልመጣ መኮማተር የለም፤ ለውጡ ከተዛባም ምቱ ይዛባል። ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው በደምና በሕዋሳት ውስጥ ከሟሟ ጨው ነው። ሶዲየም፣ ፖታሺየምና ካልሲየም በፈሳሽ ውስጥ ሲሟሙ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከሙ ቅንጣቶች፣ ማለትም አዮኖች ይሆናሉ። ምቱን የሚሠራው የእነዚህ አዮኖች ወደ ሕዋስ መግባትና ከሕዋስ መውጣት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው አዮኖቹ በሕዋሱ ውስጥና ውጭ እኩል ባለመሆናቸው ነው። በሕዋሱ ውስጥ ያለው ፖታሺየም በሊትር 140 ሚሊሞል ያህል ሲሆን፣ ሕዋሱን በከበበው ፈሳሽና በደም ውስጥ ያለው ግን ከ3.5 እስከ 5 ብቻ ነው። ሶዲየም ተቃራኒው ነው፤ ውጭ 140 ገደማ፣ ውስጥ ግን 10 ያህል ነው። የካልሲየም ልዩነት ከሁሉም ይሰፋል፤ በዕረፍት ላይ ካለ ሕዋስ ውጭ የሚገኘው ነፃ ካልሲየም በውስጡ ካለው አሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የሶዲየሙንና የፖታሺየሙን ልዩነት ጠብቆ የሚያቆየው በሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከለ፣ ጉልበት እየበላ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ፓምፕ ነው። ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ ባወጣ ቁጥር ሁለት ፖታሺየም ወደ ውስጥ ያስገባል።

አዮኖች የሕዋሱን የስብ ሽፋን ሰንጥቀው ማለፍ አይችሉም። የሚያልፉት ቻናል በሚባሉ የፕሮቲን መተላለፊያዎች ነው። እያንዳንዱ ቻናል የሚያሳልፈውን አዮን ይመርጣል፤ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜም የራሱ ነው። አብዛኞቹ የልብ ቻናሎች ለቮልቴጅ ይታዘዛሉ፤ በሕዋሱ ውስጥና ውጭ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ ይከፈታሉ ወይም ይዘጋሉ። አንዱ ተከፍቶ ቮልቴጁን ሲለውጥ ሌላው በዚያ ለውጥ ይነቃል። ከዚህ ቅብብል አምስት ደረጃዎች ይወለዳሉ። ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 4 የሚቆጠሩ ቢሆንም፣ ለመረዳት ከመጨረሻው መጀመር ይቀላል፤ እሱ ሕዋሱ የሚያርፍበት ጊዜ ነውና።

በደረጃ 4 ላይ ሕዋሱ ጸጥ ብሎ ቀጣዩን ትእዛዝ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ክፍት ሆነው የሚገኙት በዋናነት ኪር 2.1 የሚባሉት የፖታሺየም ቻናሎች ናቸው። ፖታሺየም ከሚበዛበት ከውስጥ ወደሚያንስበት ወደ ውጭ በእነሱ በኩል ይሾልካል፤ ሲወጣም ፖዘቲቭ ቻርጁን ይዞ ስለሚሄድ የሕዋሱ ውስጥ ኔጋቲቭ እየሆነ ይመጣል። ኔጋቲቭ የሆነው ውስጥ ደግሞ ፖዘቲቭ የሆነውን ፖታሺየም መልሶ ይስባል። መግፋቱና መሳቡ ሲመጣጠኑ መፍሰሱ ይቆማል ማለት ይቻላል፤ በዚያ ሚዛን ላይ የሕዋሱ ውስጥ ከዜሮ በታች 90 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። የዕረፍቱን ቮልቴጅ የሚወስነው እንግዲህ በውስጥና በውጭ ያለው የፖታሺየም ምጥጥን ነው። ውስጡ 140 ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሞል ቢጨመርበትም ቢቀነስበትም ምጥጥኑ አይነቃነቅም። ውጭ ያለው ግን 4 ብቻ ስለሆነ የሁለት ሚሊሞል ለውጥ ግማሽ ጭማሪ ወይም ግማሽ ቅናሽ ነው። የደም ፖታሺየም በጠባብ ልክ መጠበቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ከጎረቤት ሕዋስ የመጣው የኤሌክትሪክ ግፊት ቮልቴጁን ከዜሮ በታች 65 ወይም 70 ሚሊቮልት አካባቢ ሲያደርሰው ደረጃ 0 ይጀምራል። ናቭ 1.5 የሚባሉት የሶዲየም ቻናሎች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ውጭ የተከማቸው ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ቮልቴጁ ከዜሮ አልፎ ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ይደርሳል። የዚህ ጉርፈት ፍጥነት ትእዛዙ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚተላለፍበትን ፍጥነት ይወስናል።

የሶዲየም ቻናሉ ሁለት መዝጊያዎች አሉት፤ ኋላ ስለ ፖታሺየም የሚነገረው ሁሉ የሚያርፈውም በእነዚህ ላይ ነው። አንደኛው መዝጊያ በዕረፍት ጊዜ ዝግ ነው፤ ቮልቴጁ ሲነሣ ወዲያው ይከፈታል። ሁለተኛው ተቃራኒ ነው፤ በዕረፍት ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆይና ቮልቴጁ ከተነሣ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ይዘጋል። ሶዲየም የሚገባው አንደኛው ተከፍቶ ሁለተኛው ገና ባልተዘጋበት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ሁለተኛው መዝጊያ አንዴ ከተዘጋ እንደገና የሚከፈተው ሕዋሱ ወደ ጥልቁ የዕረፍት ቮልቴጅ ሲመለስ ነው። ሕዋሱ በደንብ ካላረፈ ቻናሉ ተዘግቶ ይቀራል፤ ምንም ግፊት ቢመጣ አይሠራም።

ደረጃ 1 አጭር ነው። የሶዲየሙ በር ሲዘጋ ለአፍታ የሚከፈቱ የፖታሺየም ቻናሎች ጥቂት ቻርጅ ያስወጣሉ፤ ቮልቴጁም ከጫፉ ትንሽ ወረድ ይላል።

ደረጃ 2 ልብን ከሌሎች ጡንቻዎች የሚለየው ነው። በእጅና በእግር ጡንቻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ለውጡ በጥቂት ሚሊሰከንድ ተጀምሮ ያልቃል። በልብ ግን ቮልቴጁ ዜሮ አካባቢ ላይ 200 ሚሊሰከንድ ያህል ተንሳፎ ይቆያል። ያንሳፈፉት ኤል ዓይነት የተባሉት የካልሲየም ቻናሎች ናቸው፤ በእነሱ በኩል ካልሲየም በዝግታ ይገባል፤ በዚያው ጊዜ ጥቂት ፖታሺየም ስለሚወጣ ገቢና ወጪው ተቀራርቦ ቮልቴጁ ባለበት ይቆማል። የሚገባው ካልሲየም ራሱ ብዙ አይደለም። ነገር ግን በሕዋሱ ውስጥ ካለው የካልሲየም ማከማቻ ጋር የተያያዘውን ሌላ ቻናል ይነካውና ከማከማቻው ብዙ ካልሲየም ያስለቅቃል። ጡንቻውን የሚያኮማትረው ይህ ከውስጥ የተለቀቀው ካልሲየም ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ጉልበት የሚቀየረው እዚህ ላይ ነው።

ካልሲየም ለልብ መምታት ግድ መሆኑ የታወቀው በአጋጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ሲድኒ ሪንገር የተባለ የለንደን ሐኪም ከእንቁራሪት የወጣ ልብ በጨው ውኃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲመታ አይቶ ግኝቱን አሳተመ። ዘግይቶ እንደተረዳው ግን ፈሳሹ የተዘጋጀው በተጣራ ውኃ ሳይሆን ከከተማው ቧንቧ በተቀዳ ውኃ ነበር። በተጣራ ውኃ ሲደግመው ልቡ ብዙም ሳይቆይ ደከመ፤ በቧንቧው ውኃ ውስጥ የነበረውን ካልሲየም ሲጨምርበት ደግሞ መምታቱን ቀጠለ። ይህን በ1883 አርሞ አሳተመ። ዛሬ በየሆስፒታሉ በደም ሥር የሚሰጠው፣ በስሙ የሚጠራው ፈሳሽ ሶዲየም፣ ፖታሺየምና ካልሲየም የያዘው ከዚያ ሥራ በመነሣት ነው።

የደረጃ 2 መርዘም ሌላም ጥቅም አለው። ቮልቴጁ ከፍ ብሎ በቆየበት ጊዜ ሁሉ የሶዲየም ቻናሉ ሁለተኛ መዝጊያ ተዘግቶ ስለሚቆይ ሕዋሱ አዲስ ትእዛዝ አይቀበልም። የእጅ ጡንቻ በተከታታይ ትእዛዝ ተወጥሮ ሊቆይ ይችላል፤ ልብ ግን እንዲህ ቢወጠር ደም የሚሞላበት ጊዜ ስለማያገኝ ሰውየው ይሞታል። እያንዳንዱን ምት ተከትሎ መላላት የሚመጣው በዚህ ግዴታ ነው።

በደረጃ 3 የካልሲየም ቻናሎቹ ይዘጋሉ፤ ቀስ ብለው ሲነቁ የነበሩት የፖታሺየም ቻናሎች ደግሞ በሰፊው ይከፈታሉ። ፖታሺየም ይወጣል፤ ቮልቴጁ ወደ ዕረፍቱ ይወርዳል። ከእነዚህ ቻናሎች ዋናው ኸርግ ይባላል። ብዙ ዓይነት መድኃኒቶች ሳይታሰብ የሚዘጉት ይህንኑ ቻናል ስለሆነ፣ አዲስ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ኸርግን መንካት አለመንካቱ ይመረመራል። ሕዋሱ ሲያርፍ ፓምፑ የገባውን ሶዲየም ያወጣል፣ የወጣውን ፖታሺየም ይመልሳል፤ ሌሎች ማጓጓዣዎችም ካልሲየሙን ጠራርገው ያስወጣሉ።

ይህ ሁሉ ትእዛዝ ስለሚቀበሉት የጡንቻ ሕዋሳት የተነገረ ነው። ትእዛዙ የሚነሣው ግን በቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል ካለች፣ ሳይነስ ኖድ ከምትባል ጥቂት ሕዋሳት ያሉባት ቦታ ነው። የእነዚህ ሕዋሳት ቮልቴጅ ዕረፍት አያውቅም፤ ከዜሮ በታች 60 ሚሊቮልት ገደማ እንደደረሰ፣ ኤችሲኤን 4 በሚባሉ ቻናሎች በሚገባው ሶዲየም አማካይነት ራሱን በራሱ ቀስ በቀስ ያነሣል። የመተኮሻው ልክ ላይ ሲደርስም የሚያስነሣው ሶዲየም ሳይሆን ካልሲየም ነው። ስለዚህ ፖታሺየም ሲጨምር ከጡንቻው ይልቅ ይህች ቦታ ትቋቋማለች።

ከደረት ላይ የሚነበበው ኢሲጂ የእነዚህ ሚሊዮን ሕዋሳት ድምር ነው። በወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የምትታየው ትንሿ ፒ ሞገድ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ደረጃ 0 ናት። ሹሉ ኪውአርኤስ የታችኞቹ ክፍሎች ደረጃ 0 ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሜዳ መስመር ደረጃ 2፣ ክብ ቲ ሞገድ ደግሞ ደረጃ 3 ነው። ከኪውአርኤስ መጀመሪያ እስከ ቲ ሞገድ መጨረሻ ያለው ርቀት፣ ኪውቲ የሚባለው፣ የአንዱን አክሽን ፖቴንሻል ርዝመት በግምት ያሳያል። ይህን የያዘ አንባቢ የማዕድን መዛባት በወረቀቱ ላይ ለምን የተለየ መልክ እንደሚይዝ ማስላት ይችላል።

ኩላሊቱ ሥራ ያቆመና በሳምንት ሦስት ጊዜ ዲያሊስስ የሚደረግለት ሰው ሁለት ቀጠሮ አለፈው እንበል። ጤነኛ ኩላሊት በሙዝ፣ በአቮካዶ፣ በድንችና በጥራጥሬ የሚገባውን ፖታሺየም በቀላሉ ያስወጣል፤ የዚህ ሰው ፖታሺየም ግን መውጫ የለውም። የደሙ ፖታሺየም ከ4 ተነሥቶ 8 ደረሰ። የፖታሺየምን ምጥጥን ይዞ ቮልቴጅ የሚያሰላውን፣ ጀርመናዊው ዋልተር ኔርንስት ያወጣውን ቀመር ብንጠቀም፣ ውጭው 4 ሲሆን የፖታሺየም ሚዛን ከዜሮ በታች 95 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ ውጭው 8 ሲሆን ከዜሮ በታች 76 ይሆናል። ሕዋሱ ከድሮው ዕረፍቱ ወደ 19 ሚሊቮልት ተነሥቶ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህ መነሣት በመጀመሪያ ሕዋሱን ያስቆጣዋል፤ ከመተኮሻው ልክ ስለተጠጋ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በጥልቁ ስላላረፈ ከሶዲየም ቻናሎቹ ብዙዎቹ በሁለተኛው መዝጊያ ተቆልፈው ይቀራሉ። ትእዛዝ ሲመጣ የሚከፈቱት ጥቂቶች ናቸው፤ ጉርፈቱ ይደክማል፤ ደረጃ 0 ያዘነብላል፤ ትእዛዙም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ በዝግታ ይጓዛል። በኢሲጂ ላይ ኪውአርኤስ የሚሰፋው በዚህ ነው። የላይኞቹ ክፍሎች ጡንቻ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚሸነፍ ፒ ሞገድ ትጠፋለች፤ ይሁንና ሳይነስ ኖድ ትእዛዝ መስጠቷን ሳታቆም ትቀጥል ይሆናል። በመጨረሻ የሰፋው ኪውአርኤስና ቲ ሞገድ ተዋሕደው አንድ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ መስመር ይሆናሉ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የልብ መንቀጥቀጥ ወይም መቆም ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ምልክት ግን ሌላ ነው፤ ቲ ሞገድ ትሾላለች፤ ጠባብና ረጅም ትሆናለች። ምክንያቱ ከደረጃ 3 ቻናሎች ጋር የተያያዘ ነው። ውጭ ያለው ፖታሺየም ሲጨምር ፖታሺየም ለመውጣት ያለው ግፊት ይቀንሳልና ደረጃ 3 ይዘገያል ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። የውጭ ፖታሺየም ለኸርግና ለኪር ቻናሎች ክፍት ሆነው እንዲቆዩ ያግዛቸዋል፤ በዛ ሲል በሰፊው ይከፈታሉ፤ የግፊቱን መቀነስ ያካክሱና ይበልጡታል። ደረጃ 3 ይፋጠናል፤ ሕዋሳቱ ተቀራርበው ወደ ዕረፍት ስለሚመለሱም ሞገዷ ትሾላለች። አዮኑ ቻርጅ ከመሸከም አልፎ ቻናሉን ራሱን እንደሚያዝ ካልታወቀ የፖታሺየም ነገር ሊገባ አይችልም።

ለእንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚሰጠው በደም ሥር የሚገባ ካልሲየም ነው፤ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ 10 ሚሊሊትር ወይም ከዚያ በላይ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ኢሲጂ እየታየ ይሰጣል። ካልሲየም ከፖታሺየሙ አንዲት ሚሊሞል እንኳ አይቀንስም። ሆኖም ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለ ጊዜ የሰፋው ኪውአርኤስ ሊጠብ ይችላል። ለረጅም ዘመን የተሰጠው ማብራሪያ ካልሲየም በሽፋኑ ውጫዊ ገጽ ላይ ተለጥፎ ሕዋሱ የሚተኮስበትን ልክ ከዕረፍቱ ያርቃል የሚል ነው። በቅርብ ዓመታት የታዩ የቤተ ሙከራ ሥራዎች ደግሞ ሶዲየም የደከመበትን ሥራ በካልሲየም ቻናል የሚገባው ካልሲየም ተክቶ ትእዛዙን ማሳለፉን ይጠቁማሉ። ያም ሆነ ይህ ጥቅሙ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ብቻ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ይሰጣል፤ ኢንሱሊኑ ፓምፑን አነሣሥቶ ፖታሺየሙን ወደ ሕዋሳት ያስገባዋል። ለአስም የሚሳበው ሳልቡታሞልም በብዛት ሲሰጥ ይኸንኑ ይሠራል። ሁለቱም ፖታሺየሙን ይደብቁታል እንጂ ከሰውነት አያወጡትም፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይወጣል። ከሰውነት የሚያወጣው ዲያሊስስ፣ ወይም የሚሠራ ኩላሊት ካለ ሽንት ነው።

ኢሲጂን ብቻ ማመን አይቻልም። አንዳንድ ሰው ፖታሺየሙ 7 ደርሶ ወረቀቱ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ሽቅብ የወጣበት ፍጥነትም ከመጠኑ ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። የላቦራቶሪ ቁጥርም ያሳስታል። ደም ሲቀዳ ክንዱ ለረጅም ጊዜ ታስሮ፣ እጅ ተጨብጦና ተፈትቶ፣ ወይም ደሙ በጠባብ መርፌ በኃይል ተስቦ ቀይ የደም ሕዋሳት ከፈነዱ፣ በውስጣቸው ያለው ፖታሺየም ናሙናው ውስጥ ይፈስሳል። ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ቁጥሩ 6.5 ይላል። ኢሲጂው ደህና፣ ኩላሊቱም ጤነኛ ከሆነ ደሙ እንደገና ይቀዳል።

ይኸው ልብን የማስቆም ችሎታ በቀዶ ሕክምና ክፍል ሥራ ላይ ውሏል። የልብ ቀዶ ሐኪም በማይመታ ልብ ላይ መሥራት ሲኖርበት ፖታሺየም የበዛበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ወደ ልብ ደም ሥሮች ይለቀቃል። በለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ስም የሚጠራው ፈሳሽ በሊትር 16 ሚሊሞል ፖታሺየም አለው። ልቡ ከደረጃ 4 ተነሥቶ ሶዲየም ቻናሎቹ ተቆልፈው ይቆማል፤ የሰውነቱን ደም የሚያዞረው ማሽን ይሆናል፤ ሥራው ሲያልቅ ፈሳሹ ታጥቦ ልቡ መምታት ይጀምራል።

የፖታሺየም ማነስ መልኩ ሌላ ነው። ብርቱ ተቅማጥና ማስታወክ፣ ወይም ፉሮሰማይድን የመሰለ የሽንት መድኃኒት ፖታሺየምን ያሟጥጣል። በኢትዮጵያ በቁርጥማት ትኩሳት የተጎዳ የልብ ቫልቭ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ልባቸው ሲደክም ፉሮሰማይድ ስለሚወስዱ ነገሩ የሩቅ አይደለም። ከውጭ ያለው ፖታሺየም 2.5 ሲደርስ የሕዋሱ ዕረፍት የበለጠ ይጠልቃል፤ ግፊቱ ስለሚያይል ፖታሺየም በፍጥነት የሚወጣ ይመስላል። ነገር ግን የውጭ ፖታሺየም ሲጎድል ኸርግ ክፍት ሆኖ መቆየት ያቅተዋል። ደረጃ 3 ይጓተታል። በኢሲጂ ላይ ቲ ሞገድ ትተኛለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ዩ የምትባል ሌላ ሞገድ ብቅ ትላለች።

መጓተቱ አደገኛ የሚሆነው በካልሲየም ቻናል ምክንያት ነው። ቮልቴጁ በመካከለኛ ቦታ ላይ ሲያዘግም፣ ተዘግተው የነበሩት ኤል ዓይነት የካልሲየም ቻናሎች አገግመው እንደገና ይከፈታሉ። አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላ ያልታዘዘ ምት ከላዩ ይነሣል። ይህ ከተደጋገመ ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ ዴሰርቴን እ.ኤ.አ. በ1966 የገለጸው፣ ቶርሳድ የሚባል፣ በወረቀቱ ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ፈጣን ምት ይከተላል፤ ሰውየው ራሱን ይስታል፤ ምቱ ወደ ልብ መንቀጥቀጥ ከተለወጠም ይሞታል። ኸርግን የሚዘጋ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፖታሺየሙ ሲያንስ ሁለቱ በአንድ ቻናል ላይ ይደራረባሉ። ዲጎክሲን የሚወስድም ለአደጋ ይጋለጣል። መድኃኒቱ በፓምፑ ላይ የሚቀመጠው ከፖታሺየም ጋር ተሻምቶ ነውና፣ ፖታሺየም ሲያንስ የተለመደው መጠን ራሱ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ፖታሺየምን መተካት ትዕግሥት ይጠይቃል። በአፍ መስጠት ይመረጣል፤ በደም ሥር የሚሰጥ ከሆነ ተበጥብጦ፣ በመደበኛ ክፍል በሰዓት ከ10 ሚሊሞል ገደማ ሳይበልጥ ይንጠባጠባል። ሳይበጠበጥ በሲሪንጅ በቀጥታ መስጠት በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚደረገውን ልብ የማስቆም ሥራ ያለ ማሽን መድገም ነው። ፖታሺየሙ እየተሰጠ አልነሣ ካለ ማግኒዥየም ይታያል። ማግኒዥየም ሲጎድል በኩላሊት ያሉ የፖታሺየም ቻናሎች ልጓም ያጣሉ፤ የተሰጠው ሁሉ በሽንት ይወጣል።

የደም ካልሲየም መዛባት የሚነካው ደረጃ 2ን ነው፤ እዚህም የመጀመሪያው ግምት ያሳስታል። ካልሲየም ሲበዛ ብዙ ይገባልና ደረጃ 2 ይረዝማል የሚባል ይመስላል። የገባው ካልሲየም ግን ከቻናሉ ውስጠኛ ጫፍ ጋር በተያያዘ ፕሮቲን ላይ ተቀምጦ ቻናሉን ራሱ ያዘጋዋል። ብዙ በገባ ቁጥር ቶሎ ይዘጋል፤ ስለዚህ ካልሲየም ሲበዛ ደረጃ 2 ያጥራል፤ ኪውቲም ይጠብባል። ሲያንስ ቻናሉ ዘግይቶ ይዘጋል፤ ከኪውአርኤስ ቀጥሎ ያለው ሜዳ መስመር ይረዝማል፤ ቲ ሞገድ ግን መልኳን ሳትቀይር ራቅ ብላ ትቀመጣለች። በፖታሺየም ማነስ የምትበላሸው ቲ ሞገድ ራሷ ስለሆነች ሁለቱን በዚህ መለየት ይቻላል። ካልሲየም ብዙ ጊዜ የሚበዛው አንገት ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ከልክ በላይ ሲሠሩ ወይም በካንሰር ምክንያት ነው፤ የሚያንሰው ደግሞ በእንቅርት ቀዶ ሕክምና እነዚሁ ዕጢዎች ሲጎዱ ወይም ኩላሊት ሲደክም ነው። ያነሰበት ሰው በከንፈሩ ዙሪያና በጣቶቹ ጫፍ መደንዘዝ፣ በእጁም መኮማተር ይሰማዋል።

ቁጥሩን ለማንበብም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደም ውስጥ ካለው ካልሲየም ግማሽ ያህሉ በዋናነት አልቡሚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚዞር ነው፤ ቻናሎቹ የሚያውቁት ነፃውን ብቻ ነው። በምግብ እጥረት ወይም በጉበት በሽታ አልቡሚኑ የወረደበት ሰው ጠቅላላ ካልሲየሙ ዝቅ ብሎ ሲነበብ፣ ነፃው ካልሲየም ልክ ሆኖ ኪውቲውም ሳይረዝም ሊገኝ ይችላል። ላቦራቶሪው ነፃውን መለካት ከቻለ ይለካል፤ ካልቻለ ሐኪሙ በአልቡሚኑ መጠን አርሞ ያሰላል። የተቃራኒውም ጊዜ አለ፤ በድንጋጤ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው የደሙ አሲድነት ስለሚቀንስ ካልሲየሙ ከአልቡሚን ጋር ይበልጥ ይጣበቃል፤ ጠቅላላው ሳይነካ ነፃው ይወርዳል፤ ጣቶቹም ይደነዝዛሉ።